ከሪያድ ደሴ፦ ብሩ ደረሰ፣ ዶላሩስ?

ከወሎ፣ ከጅማና ከአርሲ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሄዱ ወጣቶች በየወሩ ለቤተሰባቸው ገንዘብ ይልካሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረችና በወር 1,000 ሪያል የሚከፈላት አንዲት ልጅ ከዚያ ላይ 600 ሪያል ደሴ ላሉት ወላጆቿ ትልካለች እንበል። አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ስለሆነ የምትልከው 160 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ በየት በኩል እንደሚሄድ ማወቅ የላኪዋን ቤተሰብ ኑሮም፣ የብርን አቅምም ለመረዳት ይጠቅማል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ባንክ ወይም ሕጋዊ ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት ነው። ሁለተኛው በሰው በሰው የሚሄደው፣ ብዙዎች ጥቁር ገበያ የሚሉት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ባንኮች ለአንድ ዶላር የሚከፍሉት 57 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ሲሆን ጥቁር ገበያው ግን ወደ 115 ብር ይከፍል ነበር። ስለዚህ 160 ዶላሩ በባንክ ቢላክ ወላጆቿ እጅ የሚገባው 9,200 ብር፣ በሁለተኛው መንገድ ቢላክ ደግሞ 18,400 ብር ነው። አንድ ወር ሙሉ የለፋች ልጅ ግማሹን ጥላ በባንክ ትላክ ብሎ መፍረድ ይከብዳል።

ሁለተኛው መንገድ የሚሠራው እንዲህ ነው። ልጅቷ ሪያድ ላለ ሰው 600 ሪያሉን ታስረክባለች። ሰውየው አገር ቤት ላለ ባልደረባው ይደውላል፤ ባልደረባው ከራሱ ወይም ከሌላ ሰው የብር ሒሳብ ላይ ለእናቷ ያስተላልፋል። እናትየው ስልክ ላይ የሚመጣው መልእክት ገንዘቡ ከማታውቀው ሰው ሒሳብ በብር መግባቱን ብቻ ይናገራል። ገንዘቡ በየትኛው መንገድ እንደመጣ የሚለየውም በዚህ ነው፤ በሕጋዊ መንገድ የመጣ ገንዘብ የላኪው ስም፣ የመጣበት ምንዛሬና የተመነዘረበት ተመን ደረሰኙ ላይ ይገኛል።

ሪያሉ ግን ኢትዮጵያ አልገባም። ለመርካቶ አስመጪ ተሽጧል። አስመጪው ባንክ ሄዶ የውጭ ምንዛሬ ቢጠይቅ ወራት የሚፈጅ ወረፋ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ብሩን እዚህ ለደላላው ይሰጥና ዱባይ ወይም ጓንጁ ላለው ዕቃ አቅራቢ በውጭ እንዲከፈልለት ያደርጋል። ለልጅቷ እናት የተሰጠው ብር የእርሱ ነበር ማለት ነው። አንዳንዱ ዕቃውን ጉምሩክ ላይ ሲያስመዘግብ ዋጋውን አሳንሶ ይጽፋል፤ የቀረውን ክፍያ በውጭ በዚሁ ዶላር ያሟላል። በዚህ ጊዜ መንግሥት ምንዛሬውንም ቀረጡንም ያጣል። መድኃኒት፣ ነዳጅና ማዳበሪያ የሚገዛበት ዶላር ባንክ ሳይደርስ ለዕቃ ነጋዴው አገልግሎት ይውላል፤ የባንኩ ወረፋ ይረዝማል፤ ወረፋው የረዘመበት ሌላ አስመጪም ወደ ደላላው ይሄዳል። የሁለቱ ተመኖች ርቀት ራሱን በራሱ ይመግብ የነበረው በዚህ መንገድ ነው። ጥፋቱን በላኪዎቹ ላይ መጫን ትክክል የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ ለሁለት የተከፈለውን ዋጋ የፈጠሩት እነርሱ አይደሉም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ተመን ለገበያ ለቀቀው። በመጀመሪያው ቀን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላርን በ74 ብር ከ73 ሳንቲም ገዛ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዋጋው ከ100 ብር አለፈ። በ107 ብር ቢሰላ የልጅቷ 160 ዶላር በባንክ በኩል 17,120 ብር ይሆናል። ቀድሞ በሁለቱ መንገዶች መካከል የነበረው የ9,200 ብር ልዩነት በአንድ ጊዜ ጠበበ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጥቁር ገበያው እንደገና ከባንኩ ርቆ መሄድ ጀመረ፤ አስመጪ የሚፈልገውን ያህል ዶላር በባንክ እስካላገኘ ድረስ ደላላው ደንበኛ አያጣም።

ደሴ የደረሰው ብር መጀመሪያ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ዕዳ ነው። ልጅቷ ስትሄድ ለደላላ፣ ለፓስፖርትና ለጉዞ የወጣው ከዘመድ የተበደሩት ወይም በሬ ተሸጦ የተገኘ ነው። ከዕዳው በኋላ ጤፍና ዘይት፣ የታናናሾች ትምህርት ቤት፣ የአባት ሕክምና ይከተላሉ። ትርፍ ሲገኝ ደግሞ ጭቃው ቤት በብሎኬት ይተካል፣ ወይም ከተማ ላይ ቦታ ይገዛል።

ባንክ የማይቀመጠው ለምንድን ነው? ምክንያቱ በግልጽ ሒሳብ ይታያል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107,000 ያገኛል፤ ዓምና በ100,000 ይገዛ የነበረውን ዕቃ ለመግዛት ግን ቢያንስ 130,000 ያስፈልገዋል። ቤት፣ መሬት፣ ወርቅና ከብት መግዛት ቁጠባን አለመውደድ አይደለም፤ ለዚያ ቤተሰብ የነበረው ብቸኛ የቁጠባ መንገድ ይህ ነበር። ጎረቤቱ ላይ የሚያሳድረው ጫና ግን አለ። ከውጭ በሚመጣ ብር ቦታ የሚገዙ ሲበዙ፣ ውጭ ዘመድ የሌለው መምህር በደመወዙ ሊደርስበት የማይችል ዋጋ ይፈጠራል። ብር ሲወርድም ከውጭ የሚላክለት ቤተሰብ በብር የሚያገኘው ይጨምራል፤ መምህሩ ግን በዚያው ደመወዝ የተወደደውን ዘይት ይገዛል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የላኪዋ የራሷ ድርሻ ነው። ለዓመታት የላከችው ሁሉ ለቤተሰብ ሄዶ፣ ተመልሳ ስትመጣ በስሟ ያለ ምንም ነገር የምታጣ ልጅ ጥቂት አይደለችም። ቤቱ በአባት ወይም በወንድም ስም ተሠርቷል፤ የወር ወጪውም እርሷ በምትልከው ልክ አድጓል። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ኢትዮጵያውያንን በገፍ መመለስ ስትጀምር ከ160,000 በላይ ሰዎች በጥቂት ወራት ገቡ፤ ለብዙ ቤቶች ላኪው ራሱ ሥራ የሌለው ተመላሽ ሆነ።

ስለዚህ የሚልክ ሰው ሁለት ነገር ያድርግ። የመጀመሪያው ከመላኩ በፊት የአገልግሎት ክፍያውን ብቻ ሳይሆን «ተቀባዩ እጅ ስንት ብር ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ክፍያ አልቀበልም የሚል አስተላላፊ ትርፉን ከተመኑ ላይ ሊያገኝ ይችላልና። ሁለተኛው ለቤት ከሚላከው ለይቶ በራስ ስም ሒሳብ መክፈት ነው። በ2016ቱ ማሻሻያ ከውጭ በሚላክ ገንዘብ የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ መክፈት ተፈቅዷል፤ ልጅቷ ከ160 ዶላሩ 30ውን በዚያ ብታስቀምጥ በዓመት 360 ዶላር ይሆንላታል፣ ብር ቢወርድም ዶላሩ አይወርድባትም። ሒሳቡን ለመክፈት ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግና ገንዘቡ ሲወጣ በዶላር ይሁን በብር እንደሚከፈል ባንኩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።