መደመር የማይፈልገው «ፕላስ»

«ገንዘቡን የላክሁት አርብ ከሥራ ስወጣ ነው» ይላል ዋሽንግተን ያለው ወንድም። «ኧረ እኔ ጋ ቅዳሜ ገብቶ ነበር!» ትላለች አዲስ አበባ ያለችው እህቱ። መዝገቡን ለሚያይ ሰው ሁለቱም ልክ ናቸው። ያች አንዲት ቅጽበት በሦስት መልክ ልትጻፍ ትችላለችና፦

```
2025-03-14T21:40:00Z
2025-03-15T00:40:00+03:00
2025-03-14T17:40:00-04:00
```

መጀመሪያ ቀኑ፣ ከ`T` በኋላ ደግሞ ሰዓቱ ይመጣል። ቁልፉ ግን መጨረሻው ላይ ነው። `Z` ማለት ሰዓቱ የዓለም የጋራ መነሻ በሆነው በዩቲሲ ተጽፏል፣ ልዩነቱ ዜሮ ነው ማለት ነው። የሬዲዮ ሰዎች ፊደሏን «ዙሉ» ብለው ይጠሯታል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው `+03:00` ነው። ምልክቱን ያየ ሰው በ00:40 ላይ ሦስት ሰዓት ሊጨምር ይቃጣዋል። ሦስቱ ሰዓት ግን ቀድሞውኑ ተጨምሯል፤ 00:40 አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሰዓት ያሳየው ቁጥር ነው። ምልክቱ የሚነግረን ይህ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ሰዓት እንደሚቀድም ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ `Z` ለመመለስ ፕላሱን እንቀንሳለን፣ ማይነሱን እንደምራለን። ከ00:40 ላይ 3 ሲቀነስ ያለፈው ቀን 21:40 ይሆናል፤ በ17:40 ላይ 4 ሲደመርም 21:40።

በእኛ አቆጣጠር ለሚያስብ አቋራጭ አለ። ከዩቲሲ ወደ አዲስ አበባ 3 ይጨመራል፣ ወደ አገርኛው ሰዓት ደግሞ 6 ይቀነሳል፤ ስለዚህ ከ`Z` ሰዓት ላይ 3 መቀነስ ይበቃል። ከ21:40 ላይ 3 ሲቀነስ 18:40፣ አሥራ ሁለቱ ሲወርድ 6:40 ይቀራል። ገንዘቡ የተላከው አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ላይ ነበር ማለት ነው።

ጣጣው የሚመጣው መጨረሻው ባዶ ሲሆን ነው። አንዱ ፕሮግራም ዩቲሲ ነው ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው የራሱ አገር ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። ሰነዶቻችሁ ሁሉ በትክክል በ3 ሰዓት ከተዛነፉ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ነው። ሰዓቱ ተቆርጦ ቀኑ ብቻ በሚታይበት ዝርዝር ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተፈጸሙት ብቻ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይገኛሉ።

ማይነስ አራቱንም ለዘለቄታው የዋሽንግተን መለያ አድርጎ መያዝ አይቻልም። በመጋቢት የታየው `-04:00` በክረምታቸው `-05:00` ይሆናል። ላለፈ ክንውን ቁጥሩ በቂ ነው፤ ለወደፊት ቀጠሮ ግን የከተማውም ስም አብሮ ይጻፍ።

የወንድምና የእህት ክርክር ግን ያለ ሽማግሌ አለቀ። እሱ አርብ ላከ፣ እሷ ቅዳሜ ተቀበለች፤ በመካከሉ አንድም ደቂቃ አላለፈም።