የእናቶች ጤና ፕሮፖዛል ማጠቃለያ፦ ተረትና እውነታ

የገጠር ጤና ጣቢያ ለእናቶች ጤና አገልግሎት ድጋፍ ሲጠይቅ ለጋሹ አስቀድሞ የሚያነበው ማጠቃለያውን ነው። ለምሳሌ ያህል 25,000 ሕዝብ የሚያገለግል ጤና ጣቢያ እንውሰድ። በዓመት 800 ወሊድ ይጠበቃል፤ በወሊድ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን 320 ብቻ ነው።

ተረት፦ ችግሩን ለማሳየት የአገሪቱን አሃዝ መጥቀስ ይበቃል።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ 100,000 ሕፃናት በሕይወት ሲወለዱ 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል። ይህ አሃዝ ስለ አገሪቱ እንጂ ስለ እናንተ ቀበሌዎች አይናገርም። መዝገቡን በቀበሌ ከፋፍላችሁ ቁጠሩ። በምሳሌያችን ካልመጡት 480 እናቶች 300ዎቹ ከወንዝ ማዶ ካሉ 3 ቀበሌዎች ናቸው። ክረምት ላይ ወንዙ ይሞላል። የእናቶች ማቆያ ቢኖርም ስንቅ የሚያቀርበው ቤተሰብ ስለሆነ ነፍሰ ጡሮቹ ቀድመው አይመጡም። አሁን ችግሩ የት እንዳለና ምን እንዳመጣው ታወቀ።

ተረት፦ ሥራው በበዛ ቁጥር ፕሮፖዛሉ ይጠነክራል።

እውነታ፦ እያንዳንዱ ሥራ ከተጠቀሰው ምክንያት ለአንዱ መልስ መሆን አለበት። ለማቆያው እህልና ምግብ አብሳይ ማሟላት፣ በ3ቱ ቀበሌዎች ባሎችና አማቶች የሚገኙበት ወርኃዊ የነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ማካሄድ፣ የመውለጃዋ ቀን የተቃረበ እናት ወንዙ ሳይሞላ እንድትሻገር በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማስመዝገብ፤ እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። በልማድ የሚጨመር ሥልጠና ስንቁንም ወንዙንም አይመለከትም። «20 ሰዎች ሠለጠኑ» የሚለው ዓረፍተ ነገርም ሥራ መሠራቱን ይናገራል እንጂ ለውጥ መምጣቱን አያሳይም።

ተረት፦ ለጋሽን የሚያሳምነው «የእናቶችን ሞት በግማሽ እንቀንሳለን» የሚል ቃል ነው።

እውነታ፦ በአገር አቀፉ ግምት ብናሰላ ከ800 ወሊድ የሚጠበቀው ሞት በዓመት 3 ገደማ ነው። 3 የነበረው 1 ቢሆን ሥራው ያመጣው ይሁን አጋጣሚ መለየት አይቻልም። ቤት ውስጥ የሚደርሰው ሞት መመዝገብ ሲጀምር ደግሞ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ በየወሩ የሚያሳየውን ለውጥ ቃል ግቡ፦ በጤና ጣቢያ የወለዱ የ3ቱ ቀበሌዎች እናቶች። ማቆያው ሞልቶ ይህ ቁጥር ካልጨመረ፣ አልጋውን የያዙት ከቅርብ የመጡ እናቶች ናቸው ማለት ነው።

ማጠቃለያው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ከወንዝ ማዶ ባሉ 3 ቀበሌዎች በዓመት ከሚጠበቁት 360 ወሊዶች በጤና ጣቢያችን የተመዘገቡት 60 ናቸው፤ ዋነኞቹ ምክንያቶች የወንዝ ሙላትና በማቆያው ስንቅ አለመኖሩ ናቸው። ለማቆያው ምግብ እናሟላለን፣ ነፍሰ ጡሮችን አስቀድመን እንመዘግባለን፣ በየወሩ ከቤተሰቦቻቸው ጋር እንመካከራለን። በ2ኛው ዓመት መጨረሻ ቁጥሩ በዓመት 180 ይደርሳል፤ ይህንንም ከወሊድ መዝገቡ በየሩብ ዓመቱ እናሳውቃለን።»