ሁለት ጊዜ የተለካው አበባ

r = 6cos3θ የሚለው አጭር እኩልታ ሦስት ቅጠል ያለው አበባ ይሥላል። የካልኩለስ ተማሪዎች የዚህን አበባ ስፋት እንዲያወጡ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣል፤ ገሚሱ 28.3 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይላል፣ ገሚሱ 56.5። ሁለቱም ወገኖች ቀመሩን አውቀውታል፣ ስሌታቸውም ንጹሕ ነው። የተለያዩት መለካቱን ከየትኛው ማዕዘን ጀምረው የትኛው ላይ እንዳቆሙ ብቻ ነው።

በዚህ ዓይነቱ ግራፍ፣ ማለትም በፖላር ሥርዓት፣ አንድ ነጥብ የሚገኘው መሃል ላይ ቆሞ አቅጣጫ በመያዝ ነው። θ የምንዞርበት ማዕዘን ነው፤ ዜሮ ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ 90 ወደ ላይ፣ 180 ወደ ግራ ያመለክታል። r ደግሞ በዚያ አቅጣጫ ከመሃል የምንርቀው ርቀት ነው። እዚህ ላይ አንድ ደንብ አለ፤ የዛሬው ጉዳይ በሙሉ የሚመነጨውም ከእርሱ ነው። r ኔጌቲቭ ከሆነ ፊታችንን ወዳዞርንበት አቅጣጫ አንሄድም፤ ያንኑ ያህል ርቀት ወደ ኋላችን እንሄዳለን።

ስፋቱ የሚለካው ቅርጹን ከመሃል በሚነሡ ቀጫጭን ቁራጮች በመክፈል ነው፤ ድፎ ዳቦ ከመሃል ወደ ጠርዝ ሲቆረስ እንደሚወጣው ያለ ቁራጭ ማለት ነው። የአንዱ ቁራጭ ስፋት ½r²dθ ነው፣ እነርሱን መደመር ደግሞ የኢንተግራል ሥራ ነው። ማዕዘኑ በራዲያን መሆን አለበት፤ 180 ዲግሪ π ራዲያን ነው። በዲግሪ ላይ የተተወ ካልኩሌተር የማይመስል ቁጥር ስለሚያወጣ ይህኛው ስሕተት ቶሎ ይታወቃል። የማዕዘን ወሰን ስሕተት ግን ደህና የሚመስል መልስ ይሰጣል።

አበባውን እርምጃ በእርምጃ እንከተለው። θ ዜሮ ሲሆን r 6 ነው፤ በቀኝ በኩል የመጀመሪያው ቅጠል ጫፍ ላይ ነን። θ 30 ዲግሪ ሲደርስ r ዜሮ ይሆናል፣ እስክሪብቶው ወደ መሃል ተመለሰ። 60 ላይ r −6 ነው፤ ፊታችን ወደ ቀኝ ላይ ቢያይም ነጥቡ የሚያርፈው በተቃራኒው፣ በግራ ታች በኩል ነው። ስለዚህ ከ30 እስከ 90 ባለው ዙር የተሣለው የታችኛው ቅጠል ነው። 120 ላይ r እንደገና 6 ሆኖ በግራ ላይ በኩል ሦስተኛው ቅጠል ጫፉ ላይ ይደርሳል። በመጨረሻም 180 ላይ ፊታችን ወደ ግራ፣ r ደግሞ −6 ነው፤ ወደ ግራ እያዩ 6 ወደ ኋላ መሄድ ወደ ቀኝ 6 መሄድ ነው። የተነሣንበት ቦታ ደረስን፤ አበባው አልቋል።

ተማሪው ግን «ሙሉ ዙር» የሚለው ሐሳብ ስለሚቀናው ከ0 እስከ 2π ይደምራል። ከ180 እስከ 360 ዲግሪ ያለው ጉዞ ያንኑ አበባ በራሱ ላይ ደግሞ ይሥለዋል። ወረቀቱ ላይ አዲስ መስመር አይታይም፤ ኢንተግራሉ ግን እንደገና ይቆጥረዋል። r በቀመሩ ውስጥ በራሱ ስለሚባዛ ኔጌቲቭ ምልክቱ ይጠፋል፣ ስለዚህም ቀመሩ በራሱ የሚሰጠን ማስጠንቀቂያ የለም። ትክክለኛው ወሰን ከ0 እስከ π ሲሆን መልሱ 9π፣ ማለትም 28.3 ገደማ ነው።

ስሕተቱን ያለ ምንም ኢንተግራል መያዝ ይቻላል፤ ይህን መንገድ እኔ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። የቀኙ ቅጠል ከ−30 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ክፍት ውስጥ ተቀምጧል። ይህ 60 ዲግሪ ነው፣ የክብ አንድ ስድስተኛ። ሬዲየሱ 6 የሆነ ክብ ስፋቱ 36π ስለሆነ፣ ክፍቱ 6π ይይዛል፤ ሦስቱ ክፍቶች አንድ ላይ 18π፣ ማለትም 56.5 ይሆናሉ። እንግዲህ 56.5 የሚለው መልስ ሦስቱ ቅጠሎች ክፍቶቻቸውን ጥግ እስከ ጥግ ሞልተዋል ማለት ነው። ሥዕሉን ያየ ሰው ግን ቅጠሉ ወደ መሃል እየሾለ በግራና በቀኙ ባዶ ቦታ እንደሚተው ያያል። ስሌቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጠል 3π ነው፣ የክፍቱን ልክ ግማሽ።

ከዚህ ተነሥቶ «አበባ ሲሆን ሁልጊዜ እስከ π» ብሎ መያዝ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። r = 6cos2θን እንይ። 180 ዲግሪ ላይ r +6 ነው፤ ስለዚህ በግራ በኩል ሌላ ቅጠል ጫፍ ላይ ነን እንጂ ወደ መነሻችን አልተመለስንም። እስከዚያ የተሣለው የቀኙ ቅጠል ግማሽ፣ የታችኛው በሙሉና የግራው ግማሽ ነው። ሙሉው አበባ አራት ቅጠል አለው፣ የሚያልቀውም 360 ላይ ነው፤ ስፋቱ 18π። ከθ ፊት ያለው ቁጥር ጎዶሎ ሲሆን ቅጠሎቹ በዚያው ቁጥር ልክ ናቸው፣ ሙሉ ሲሆን ግን እጥፍ ይሆናሉ። እነዚህን ኩርባዎች አጥንቶ በ1728 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያሳተመው ጣሊያናዊው ቄስና የሒሳብ ሊቅ ጊዶ ግራንዲ ነበር።

የልብ ቅርጽ ያለው ካርዲዮይድ በዚህ በኩል ቀና ነው። በ r = 3(1 + cosθ) ውስጥ r ከዜሮ በታች አይወርድም፤ 180 ላይ መሃሉን ነክቶ ይመለሳል፣ 360 ላይ ይዘጋል። ወሰኑ ከ0 እስከ 2π ነው፣ ስፋቱ 13.5π፣ ወደ 42.4። የላይኛውና የታችኛው ግማሽ እኩል ስለሆኑ ከ0 እስከ π ለክቶ በሁለት ማባዛትም ይቻላል፤ ሁለት ማባዛቱ ከተረሳ ግን የግማሽ ልብ ስፋት ብቻ ይቀራል።

ይህን እኩልታ ትንሽ ብንነካው፣ r = 1 + 2cosθ ብንለው፣ ነገሩ ይረቃል። r 120 ላይ ዜሮ ሆኖ እስከ 240 ድረስ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ በዚያ መካከል በትልቁ ቅርጽ ውስጥ ትንሽ ቀለበት ይሣላል። ከ0 እስከ 2π የደመረ ሰው 3π፣ ማለትም 9.42 ያገኛል። ትልቁ ቅርጽ ግን ከ−120 እስከ 120 ዲግሪ ሲለካ ብቻውን 8.88 ነው፣ ትንሹንም ቀለበት በውስጡ ይዟል። የቀለበቱ ስፋት 0.54 ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች የሚለያዩትም በዚህችው ነው፣ ቀለበቱ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯልና። በአበባው መልሱ እጥፍ ስለነበረ በዓይን ግምት ተይዟል። እዚህ ግን ልዩነቱ ከመቶ ስድስት ገደማ በመሆኑ ሥዕል በማየት አይለይም። መፍትሔው ከመደመር በፊት r = 0 የሚሆንባቸውን ማዕዘኖች ማውጣት፣ በየመካከላቸው r ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ ብሎ ማየት፣ ከዚያም የትኛው ክፍል እንደተጠየቀ መለየት ነው። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ቦታ ብቻ ከተፈለገ ቀለበቱ ከ8.88 ላይ ይቀነሳል፤ 8.34 ይሆናል።