እያነሱ የሚበዙ ክፍልፋዮች

n/(n²+k²) የሚለውን ክፍልፋይ k ከ1 እስከ n እያደረግን ብንደምረው፣ n እጅግ ሲተልቅ ድምሩ ወዴት ይጠጋል? ካልኩለስ የጀመረ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሳያመነታ «ወደ ዜሮ» ይላል። ያለምክንያት አይደለም፤ n ሲያድግ እያንዳንዱ ክፍልፋይ በእርግጥ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የዘነጋው ነገር ቢኖር የተደማሪዎቹም ብዛት አብሮ ማደጉን ነው።

በቁጥር እንየው። n 4 ሲሆን ድምሩ 4/17 + 4/20 + 4/25 + 4/32 ነው፤ 0.720 ገደማ ይመጣል። n 10 ሲሆን ደግሞ 0.760 ገደማ ይሆናል። መውረዱ ቀርቶ እየወጣ ነው። ግን እስከ የት?

መፍቻው ክፍልፋዩን መልኩን ቀይሮ መጻፍ ነው። ላይና ታቹን በn² ስናካፍል ይህን እናገኛለን፦

(1/n) · 1/(1+(k/n)²)

አሁን ሁለት ነገሮች ተባዝተው ይታያሉ። የመጀመሪያውን ወርድ፣ ሁለተኛውን ቁመት እንበላቸው። በቁጥር መስመር ላይ ከ0 እስከ 1 ያለውን ርቀት n እኩል ቦታ ቆርጠን በየቁራጩ ላይ አንድ አንድ ሬክታንግል ብናቆም፣ የእያንዳንዱ ወርድ 1/n ይሆናል። የk-ኛው ቀኝ ጫፍ k/n ላይ ያርፋል፤ ቁመቱም y = 1/(1+x²) የተባለው ኩርባ እዚያ ነጥብ ላይ ያለው ከፍታ ነው። ስለዚህ ድምራችን የሬክታንግሎቹ ጠቅላላ ስፋት ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ድምር የሚጠራው በጀርመናዊው በርንሃርድ ሪማን ስም ነው፤ በ1854 ኢንቴግራልን የተረጎመው በዚሁ መንገድ ነበር።

n ሲበዛ ሬክታንግሎቹ እየቀጠኑ ይሄዳሉ፤ ስፋታቸውም ከኩርባው ሥር ወዳለው ስፋት ይጠጋል። የ1/(1+x²) ኢንቴግራል ከ0 እስከ 1 ሲወሰድ arctan 1 ነው፤ ይኸውም ታንጀንቱ 1 የሆነው አንግል፣ 45 ዲግሪ። በራዲያን π/4፣ ወይም 0.785 ገደማ ይሆናል። ክብ ባልተነሣበት ጥያቄ ፓይ ብቅ ማለቱ ደስ ይላል።

ኩርባው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚወርድ በቀኝ ጫፋቸው የተለኩት ሬክታንግሎች ሁልጊዜ ከሥሩ ይቀራሉ። ጉድለቱ 1/(4n) ገደማ ነው፤ በ10 የሠራነው 0.760 ላይ 0.025 ቢጨመርበት 0.785 ይሞላል።

ዘዴው የሚሠራው ግን 1/n ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ የቀረው በk/n ብቻ ሲጻፍ ነው። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት n/(n²+k) ሲሰጣቸው ነው፤ መልኩ ያታልላል። በn² ሲካፈል ከታች የሚቀረው k/n² ነው፤ እሱም ከ1/n ስለማይበልጥ ይጠፋል። n ተደማሪዎች ሁሉም ወደ 1/n የተጠጉ ናቸው፤ ድምራቸው በn²/(n²+n) እና በn²/(n²+1) መካከል ይጠመዳል። እዚህ ኢንቴግራል አያስፈልግም፤ መልሱ 1 ነው።