ያልተፈረመ ደረሰኝ ወደ አለቃ ሲሄድ

አንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት እንውሰድ። ማክሰኞ ጠዋት ባለ 12 ፌሮ የጫነ መኪና ሳይት ገባ። አቅራቢው በሚዛን አስመዝኖ 50 ኩንታል ብሎ ሒሳብ ጠይቋል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ደግሞ አንድ በአንድ አስቆጥሮ 450 ቤርጋ አገኘ። ባለ 12 ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ተብሎ ይሰላል። አንዱ ቤርጋ 12 ሜትር ስለሆነ በስሌት የሚወጣው 4,795 ኪሎ ግድም ነው። ከአቅራቢው ሒሳብ ጋር የሁለት ኩንታል ልዩነት አለው ማለት ነው። ንብረት ክፍሉ የእቃ ገቢ ደረሰኙን አልፈርምም አለ። ፋይናንስ ያለ ደረሰኝ አይከፍልም፤ አቅራቢው ካልተከፈለው ሁለተኛውን መኪና አይልክም። ቅዳሜ ደግሞ ሶሌታው አርማታ ሊሞላ ቀጠሮ ተይዞለታል።

መሀል ላይ የቆመችው የግዥ ሠራተኛዋ ናት። ስልኩ የሚጮኸው በእሷ ላይ ነው፤ ፎርማኑም ጠዋት ማታ የሚጠይቀው እሷን ነው። እስከ ረቡዕ ማታ ሁለት ጊዜ ለምናለች፣ አልሆነም። አሁን ጉዳዩን ለምክትል ሥራ አስኪያጁ ማድረስ አለባት። ግን ንብረት ክፍሉን የያዙት ሰው በዕድሜ አባቷ ይሆናሉ፤ ነገም ከነገ ወዲያም አብረዋት ይሠራሉ። አለቃ ዘንድ ሄደች ሲባል ‹‹ከኋላዬ ወጋችኝ›› እንዳይሉ ትፈራለች። ፍርሃቷ ትክክል ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ነገር አመላላሽ የሚል ስም አንዴ ከተለጠፈ በቀላሉ አይነሳም።

እኔ እንደማየው፣ ሰውን የሚያስከፋው ጉዳዩ ወደ ላይ መሄዱ ብዙም አይደለም። የሚያስከፋው ከአለቃው አፍ መስማቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ያለው አለቃው ቢሮ ሳይሆን መጋዘኑ በር ላይ ነው። እዚያም የምትጠይቀው ጥያቄ ቢቀየር ብዙ ነገር ይቀየራል። ‹‹ለምን አይፈርሙም?›› ሲባሉ መልሳቸው ክርክር ነው። ‹‹ጋሼ፣ ለመፈረም ምን ጎደለዎት?›› ብትላቸው ግን የሚከተለውን ትሰማለች።

‹‹ልጄ፣ እኔ የምፈርመው የቆጠርኩትን ነው። ሚዛኑን አላየሁም። 50 ኩንታል ብዬ ፈርሜ ኦዲተር ሲቆጥር 48 ቢያገኝ ጉድለቱ የማን ነው? ሥራውን ስይዝ ዋስ ጠርቼ ነው የገባሁት፤ እኔ ብቻ ሳልሆን ዋሴም ይጠየቃል።››

እዚህ ላይ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ሰውዬው ሰነፍ አይደሉም፤ ክፉም አይደሉም። አቅራቢውም ሌባ ላይሆን ይችላል፤ ከፋብሪካ የሚወጣ ብረት ከስሌቱ በመጠኑ ሊከብድም ሊቀልም ይችላል፤ በመቶ አራት ያህል ልዩነት ብቻውን ማጭበርበርን አያሳይም። የጎደለው በቁጥር ይከፈል ወይስ በሚዛን የሚል ውሳኔ ነው። ይህን መወሰን ደግሞ የግዥ ሠራተኛዋም የንብረት ክፍሉም ሥልጣን አይደለም። ብዙ ጊዜ ባልደረባችን እንቢ ያለን የሚመስለን ሥልጣኑ ያለቀበት ቦታ ላይ ስንደርስ ነው። እዚህ ከተደረሰ በኋላ ወደ አለቃ የሚሄደው ክስ መሆኑ ይቀራል፤ ሁለቱም መልሱን የሚፈልጉት ጥያቄ ይሆናል።

ቀጥሎ ማን ዘንድ ይኬዳል? ከሁለቱም በላይ ካሉት ውስጥ ቅርብ የሆነው ሰው ዘንድ። እሷ የግዥ ኃላፊ አላት፣ እሳቸውም የራሳቸው ኃላፊ አላቸው። ሁለቱን ዘልሎ ዋና ሥራ አስኪያጁ በር ላይ መቆም በአንድ ጊዜ ሦስት ሰው ያስቀይማል። መጀመሪያ ለራሷ ኃላፊ ትናገራለች፤ ኃላፊዎቹ ተነጋግረው መፍታት ካልቻሉ፣ ሁለቱም ክፍሎች የሚጠሩለት ምክትል ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ይደርሳል።

ከዚያ በፊት ግን ማስታወቅ አለ። ማስታወቅና ማስፈራራት በአንድ ቃል ይለያያሉ። ‹‹ካልፈረሙ ለአለቃ እናገራለሁ›› ማስፈራራት ነው፤ ‹‹ካል›› የምትለዋ ናት ደም የምታፈላው። ማስታወቅ እንዲህ ነው፦ ‹‹ጋሼ፣ ይሄን እኔም እርስዎም መወሰን አንችልም። ነገ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ለምክትል ሥራ አስኪያጁ ላቀርበው ነው። የጻፍኩት ይኸው፤ የእርስዎን ሐሳብ በትክክል አስቀምጬ እንደሆነ ይዩልኝ። ቢችሉ አብረን እንግባ።›› ልብ በሉ፣ ፈቃድ አልጠየቀችም። እሺ ባይሉም፣ ዝም ቢሉም ረፋድ አራት ሰዓት አይቀየርም። የጠየቀችው የእሳቸው ቃል ሳይዛባ እንዲደርስ ነው።

ጽሑፉ አጭር ነው፦

‹‹ማክሰኞ የገባው ባለ 12 ፌሮ በአቅራቢው ሚዛን 5,000 ኪሎ፣ በእኛ ቆጠራ 450 ቤርጋ ወይም በስሌት 4,795 ኪሎ ነው። ንብረት ክፍል በቆጠራ ካልሆነ መፈረም እንደማይችል ገልጿል፤ ምክንያቱም በሚዛኑ ወቅት ስላልተገኘና ጉድለት ቢገኝ ተጠያቂ ስለሚሆን ነው። የቅዳሜው ሙሌት እንዳይስተጓጎል ሁለተኛው ጭነት እስከ ዓርብ ከሰዓት መድረስ አለበት። በቆጠራው ይከፈል ወይስ በጋራ እንደገና ይመዘን የሚለው እንዲወሰንልን እንጠይቃለን።››

ውስጡ ‹‹በተደጋጋሚ ተነግሮት›› ወይም ‹‹ባለመተባበሩ›› የሚል የለም። እንዲህ ያሉ ቃላት በደብዳቤ ቋንቋ የተለመዱ ስለሆኑ ሳናስባቸው ከእጃችን ይወጣሉ፤ የሚያነባቸው ባልደረባ ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሽታ ይሸተዋል።

ስለ ግልባጭ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ወዳጅነት የፈረሰው በእሱ ነው። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ከደብዳቤው ግርጌ ‹‹ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጅ ቢሮ›› የምትለዋ መስመር ከላይ ከተጻፈው ሁሉ ትከብዳለች። በኢሜይልም እንዲሁ ነው። ለባልደረባ በተጻፈ ተራ ጥያቄ ላይ የአለቃው ስም ድንገት ሲታከል ጥያቄው ክስ ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ‹‹የፌሮው ደረሰኝ ከምን ደረሰ?›› ብሎ መጻፍ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ሰውን በአደባባይ ማዋረድ ነው። ጸሐፊው ‹‹እኔ እኮ የጠየቅሁት ብቻ ነው›› ቢልም ማንም አያምነውም። አለቃው በግልባጭ መግባት ካለበት ባልደረባው ቀድሞ ይነገረው፤ ጽሑፉም ለአለቃው በቀጥታ የሁለቱን ጥያቄ ያቅርብ።

ቢሮ ከተገባ በኋላ አንድ አደገኛ ቅጽበት አለ። አለቃው ጥድፊያ ላይ ከሆነ የመጀመሪያ ጥያቄው ‹‹ማነው ያዘገየው?›› ነው፤ አንዳንዱም ወዲያው ስልክ አንስቶ ይቆጣል። አብሮ መግባት የሚጠቅመው ያኔ ነው። ብቻዋን ከሆነች መልሱን ይዛ መግባት አለባት፦ ‹‹ማንም አላዘገየውም፤ በቆጠራም በሚዛንም ለመክፈል የሚያዝዝ መመሪያ የለንም።›› እዚህ ላይ አንገቷን ደፍታ ዝም ካለች ግን እስካሁን የደከመችበት ሁሉ ይፈርሳል፤ መጋዘኑ የሚደርሰው ወሬ ‹‹እሷ ፊት ሰደቡኝ›› የሚል ይሆናል።

ምክትል ሥራ አስኪያጁ እንዲህ ወሰኑ እንበል፦ አሁን 4,795 ኪሎው ተፈርሞ ይከፈል፤ በልዩነቱ ላይ ከአቅራቢው ጋር በጋራ ይመዘን፤ ከእንግዲህ ንብረት ክፍል ሚዛኑ ላይ ይገኝ። ውሳኔውን ለንብረት ክፍሉ መጀመሪያ የምታደርሰው እሷ ብትሆን ይሻላል፣ ያውም በጽሑፍ። ለእሳቸው ያች ወረቀት ኦዲተር ሲመጣ የሚያሳዩዋት መከላከያ ናት። ውሳኔው በተቃራኒው ቢሆን፣ ማለትም በ5,000 ኪሎ ይፈረም ቢባል፣ ያለ ጽሑፍ እንዲፈርሙ መገፋት የለባቸውም፤ የትእዛዙን ወረቀት ለማግኘትም እሷው ልታግዛቸው ይገባል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ችግሩ የውሳኔ ሲሆን ነው። ሆን ተብሎ የተሰረቀ ንብረት፣ በሠራተኛ ሕይወት ላይ ያንዣበበ አደጋ ወይም ጾታዊ ትንኮሳ ከሆነ ተጠርጣሪውን አስቀድሞ ማስታወቅ ማስረጃ እንዲጠፋ ወይም ተጎጂው እንዲጎዳ በር ይከፍታል። እዚያ ላይ በቀጥታ የሚመለከተው ዘንድ መሄድ ነው፤ ወንጀል ለሚጠቁሙ ሰዎችም የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። የሁለት ኩንታል ፌሮ ልዩነት ግን፣ መኪናው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ እዚህ ውስጥ አይገባም። በየጭነቱ ተመሳሳይ ልዩነት መታየት ከጀመረ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚመረመረው የአቅራቢው ሚዛን ይሆናል።