ሥራ ያለው ተማሪ የሳምንት ሠንጠረዡን እንዴት ያውጣ?

ሴሚስተር ሲጀመር የጥናት ፕሮግራም የማያወጣ ተማሪ ጥቂት ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ቢኖርም የሚያየው የለም። ይህ ብዙውን ጊዜ ከስንፍና አይመጣም። ተማሪው መጀመሪያ የጻፈው ማጥናት የሚፈልገውን ነው እንጂ የታክሲ ሰልፉን፣ ምሳውንና ከሥራ ሲመለስ የሚሰማውን ድካም አይደለም። ስለዚህ ሠንጠረዥ ሲወጣ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ የማይነቃነቀው ይጻፋል፣ ጥናት የሚገባው በተረፈው ቦታ ነው።

አንዲት ተማሪ በምሳሌነት እንውሰድ። ስድስት ኪሎ አካውንቲንግ ትማራለች፣ የምትኖረው ገርጂ ከቤተሰቦቿ ጋር ነው። በሳምንት አምስት ኮርስ፣ በድምሩ 15 ሰዓት ክፍል አላት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ ሰፈሯ ውስጥ ልጆች ታስጠናለች፤ ቅዳሜ ደግሞ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ሁለቱ ሥራዎች ተደምረው 12 ሰዓት ይወስዳሉ።

ሠንጠረዡ ሰባቱን ቀናት ወደ ጎን፣ ሰዓቶቹን ወደ ታች ይይዛል። ረድፎቹን በየአንድ ሰዓቱ መከፋፈል ግን አይመከርም። የእሷ ክፍል የሚቆየው አንድ ሰዓት ተኩል ስለሆነ ረድፎቹም በዚያው ልክ ቢሰመሩ በሁለት ክፍል መካከል ያለው ክፍተት ወለል ብሎ ይታያል። ሁሉም ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር ይጻፍ፤ ግማሹ ከስልክ፣ ግማሹ ከዲፓርትመንቱ ማስታወቂያ ከተገለበጠ ስህተት መፈጠሩ አይቀርም።

መጀመሪያ በእስክሪብቶ ክፍሎቹን፣ ሥራውን፣ ጉዞውንና የእሁድ ጠዋቱን የቤተ ክርስቲያን ሰዓት ሞላች። ከስድስት ኪሎ ገርጂ ለመድረስ ሰልፉን ጨምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ስለያዘች ጉዞም የራሱን ሳጥን አገኘ። ምሳ ከ6:30 እስከ 8:00 ነው፤ እዚያ ላይ ጥናት አይገባም። ማስጠናት ባለባቸው ቀናት ማታም ጥናት አልመደበችም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለልጆች ስታስረዳ ቆይታ እራት ከበላች በኋላ የምታነበው እንደማይገባት ታውቃለች።

ከዚያ ባዶ የቀሩትን ሳጥኖች ቆጠረች። 14 ሆኑ፤ በሰዓት ሲሰላ 21 ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲ የተለመደው ስሌት ለአንድ ሰዓት ሌክቸር ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ስለሆነ የሚያስፈልጋት 30 ሰዓት ነበር። የጎደለውን ዘጠኝ ሰዓት ብዙ ተማሪ ከእንቅልፉ ይወስዳል፤ ፕሮግራሙ የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። እሷ ግን ያላትን ይዛ ለማደላደል ወሰነች። ሠንጠረዡ በመጨረሻ ይህን መሰለ፤ «ጥ» የጥናት፣ «ክ» የክፍል ሰዓት ነው።

| ሰዓት | ሰኞ | ማክሰኞ | ረቡዕ | ሐሙስ | ዓርብ | ቅዳሜ | እሁድ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| 2:00–3:30 | ክ ስታቲስቲክስ | ክ ፋይናንሻል | ክ ስታቲስቲክስ | ክ ፋይናንሻል | ክ ንግድ ሕግ | ጉዞ | ቤተ ክርስቲያን |
| 3:30–5:00 | ጥ ስታቲስቲክስ | ክ ኮስት | ጥ ስታቲስቲክስ | ክ ኮስት | ክ ንግድ ሕግ | ሱቅ | ቤተሰብ |
| 5:00–6:30 | ክ ማክሮ | ጥ ፋይናንሻል | ክ ማክሮ | ጥ ፋይናንሻል | ጥ ንግድ ሕግ | ሱቅ | ቤተሰብ |
| 8:00–9:30 | ጥ ማክሮ | ጥ ኮስት | ጥ ማክሮ | ጥ ኮስት | ክፍት | ሱቅ | ጥ ፋይናንሻል (ክለሳ) |
| 9:30–11:00 | ጉዞ | ጉዞ | ጉዞ | ጉዞ | ጉዞ | ጉዞ | ክፍት |
| 11:00–1:00 | ማስጠናት | እረፍት | ማስጠናት | እረፍት | ማስጠናት | እረፍት | እረፍት |
| ማታ 2:00–3:30 | እረፍት | ጥ ስታቲስቲክስ (ክለሳ) | እረፍት | ጥ ንግድ ሕግ | እረፍት | እረፍት | እረፍት |

አብዛኛው የጥናት ሰዓት የተቀመጠው ክፍሉ በተሰጠበት በዚያው ቀን ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ራሱን እየፈተነ ያደረገውንና እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመውን ጥናት ያየ ሰው ምክንያቱን ይረዳል። ሰው በቃሉ የያዘውን በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት ስታቲስቲክስ ተምራ 3:30 ላይ ላይብረሪ የምትገባ ተማሪ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሠራውን ጥያቄ ገና አልረሳችውም። ያንኑ ጥያቄ ዓርብ ብትከፍተው እንደ አዲስ መጀመር ይሆንባታል።

«ክለሳ» የተባሉት ሁለት ሳጥኖች ሥራቸው ሌላ ነው። የማክሰኞ ማታው የሰኞውን ስታቲስቲክስ በማግሥቱ፣ የእሁዱ የሐሙሱን ፋይናንሻል አካውንቲንግ ከሦስት ቀን በኋላ ይመልሳል። በእነዚህ ሰዓቶች ደብተር አይነበብም፤ ደብተሩ ይዘጋና ጥያቄው በባዶ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው ይሠራል። የት ላይ እንደቆመች የምታውቀው ያኔ ነው። ደብተር ገልጦ ማንበብ የምናውቀው ያስመስለናል፤ ፈተና ላይ ግን ደብተር የለም።

የሐሙስ ማታው የንግድ ሕግ ሳጥን ደግሞ ከክፍሉ በፊት ነው የተቀመጠው። ሕግ በንባብ የሚሄድ ኮርስ ስለሆነ ዓርብ ጠዋት ለሦስት ሰዓት የሚሰጠውን ሌክቸር ምዕራፉን አንብቦ የገባ ሰው በቀላሉ ይከታተለዋል። ሒሳብ ያለበት ኮርስ ከክፍል በኋላ፣ ንባብ የሚበዛበት ደግሞ ቢያንስ አንዴ ከክፍል በፊት ቢመደብ ይሻላል።

ሁለት ሳጥኖች ሆነ ተብሎ ክፍት ተደርገዋል። አንድ መምህር ክፍሉን ለሌላ ቀን ሲያዛውር፣ አሳይመንት ሲደራረብ ወይም ሰው ሲታመም የቀረው ጥናት የሚገባው እዚያ ነው። ክፍት ቦታ የሌለው ሠንጠረዥ አንድ ቀን ሲዛባ ሳምንቱን ሙሉ ያዛባል። ስለዚህ የተመደበ ጥናት ያለባቸው 12 ሳጥኖች ማለትም 18 ሰዓት ብቻ ናቸው።

የኮርሱ ስም በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ በየሳምንቱ የሚሠራው ግን ከሥሩ በእርሳስ ይግባ። «ስታቲስቲክስ» የሚል ሳጥን ብቻውን ሲቀር የሰዓቱ ሩብ ምን ልሥራ በሚል ያልቃል፤ «ምዕራፍ 3፣ ከጥያቄ 1 እስከ 8» የሚል ግን ወዲያው ያስጀምራል። የተሠራው ሳጥን ላይ ምልክት ይደረግ። አንድ ሳጥን ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ምልክት ካጣ ቦታው ትክክል አይደለም ማለት ነውና ወደ ሌላ ሰዓት ይዛወር። የማክሰኞ ማታው ክለሳ መብራት እየጠፋ ወይም እንግዳ እየመጣ የሚቀር ከሆነ የዓርቡን ክፍት ሰዓት ለእሱ ሰጥቶ የማክሰኞውን ክፍት ማድረግ ይቻላል።

ይህ ሠንጠረዥ ፈተና የሌለባቸውን ሳምንታት ያስኬዳል። ሚድና ፋይናል ሲቃረቡ ግን 18 ሰዓት አይበቃም፤ የጎደለው ሊመጣ የሚችለው ከቅዳሜው ሱቅ ነው። ተማሪዋ ወረቀቷን ይዛ ፈተናው ከመድረሱ አንድ ወር አስቀድማ አሠሪዋን ብታነጋግር፣ በፈተናው ዋዜማ ከመቅረት ለሁለቱም ይሻላል።

የእሷ 18 ሰዓት ከክፍሏ 15 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ ዝቅተኛው መስመር ይህ ነው። ሳጥኖቹን ቆጥሮ የጥናት ሰዓቱ ከክፍል ሰዓቱ ያነሰበት ተማሪ በዚያ ሴሚስተር ከሥራው ወይም ከኮርሱ አንዱን መቀነስ አለበት። ኮርስ መቀነስ የሚቻለው ደግሞ የአድና ድሮፕ ጊዜ እስኪያልፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሠንጠረዙ በመጀመሪያው ሳምንት ይሰመር፣ ሳጥኖቹም በዚያው ሳምንት ይቆጠሩ።