«ሂዩማን ኤረር» ለሚል ተማሪ ምን ይጻፍለታል?

የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ላብ ሪፖርት የሚያርም ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገር አለ። ቦታው የመጨረሻው ገጽ ነው፤ «ልዩነቱ የመጣው በሂዩማን ኤረር ነው» ይላል። ጠረጴዛዬ ላይ ሃምሳ ሰባት ሪፖርት ከተቆለለ ከግማሽ በላዩ ይህንኑ ይደግማል። መጀመሪያዎቹ አምስት ላይ ግማሽ ገጽ ማብራሪያ እጽፍ ነበር። አሥረኛው ላይ «ግልጽ አይደለም» ብዬ አልፋለሁ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ከእስክሪብቶዬ የሚወጣው አንድ ቀይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ሪፖርቱ ከክምሩ ሥር የዋለበት ተማሪ፣ ጥፋቱ ከሌሎቹ ሳይብስ፣ ከሁሉም ያነሰ ትምህርት ይደርሰዋል።

የአስተያየት ቋት የጀመርኩት በዚህ ተበሳጭቼ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ተደጋግሞ ለሚታይ ስህተት አንድ ጊዜ፣ አእምሮ ንቁ በሆነበት ሰዓት፣ ጥሩ አስተያየት ተጽፎ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ እየተቀዳ ይሰጣል። የእኔ ቋት አንድ የኤክሴል ፋይል ነው። ሙድል የሚጠቀም መምህር ማረሚያው ላይ ተመሳሳይ ነገር ያገኛል፤ ሪፖርቱ በወረቀት ከሆነም አስተያየቱን በቁራጭ ወረቀት አትሞ በስቴፕለር ማያያዝ ይቻላል። ከባዱ ፋይሉ አይደለም፤ ውስጡ የሚገባው ቃል ነው። ስለዚህ አንዱን አስተያየት ከነምክንያቱ ላሳይ።

ሙከራው ፔንዱለም ነው። የብረት ኳስ በክር ይንጠለጠላል፣ 20 ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ በስቶፕዋች ይለካል፣ ጊዜው ለ20 ይካፈላል። ከዚህ ጊዜና ከርዝመቱ ተነስቶ መሬት ዕቃን የምትስብበት መጠን፣ g፣ በዚህ ቀመር ይሰላል፦

g = 4π²L/T²

አንዲት ተማሪ ርዝመቱን 78 ሴንቲ ሜትር፣ የ20ውን ምልልስ ጊዜ 35.96 ሴኮንድ ብላ መዝግባ 9.53 አገኘች። መጽሐፉ 9.8 ይላል። (እንዲያውም አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነችና ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ እዚህ ወደ 9.77 ዝቅ ይላል። ይህን የሚጽፍ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም።) ልዩነቱን ያው በሂዩማን ኤረር አሳበበች።

የሰው እጅ ይህን ያህል ያሳስታል? ስቶፕዋቹን ስትጫን ሁለት አሥረኛ ሴኮንድ ብትዘገይ g የሚዛባው በ0.11 ገደማ ነው። የእሷ ጉድለት ግን ከዚያ እጥፍ ይበልጣል። ምስጢሩ ኳሱ ላይ ነበር። ክሩን የለካችው ከማንጠልጠያው እስከ ኳሱ አናት ነው፤ ርዝመቱ መያዝ የነበረበት ግን እስከ ኳሱ መሃል ነው። የኳሱ ስፋት 4 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 2 ሴንቲ ሜትር ቀርቶባታል። 78ቱን 80 አድርጋችሁ ብታሰሉት 9.77 ይመጣል።

ይህን ያወቅኩት አጠገቧ ቆሜ አይደለም፤ የራሷ ግራፍ ይናገራል። አምስት የተለያየ ርዝመት ወስዳ T² ከ L ጋር አስተያይታ ሥላለች። መስመሩ ዜሮ ላይ ማለፍ ሲገባው ቋሚውን ዘንግ 0.08 ላይ ይቆርጠዋል። የእጅ መዘግየት አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ስለሚሄድ ነጥቦቹን በመስመሩ ግራና ቀኝ ይበትናቸዋል። ከሁሉም ርዝመት እኩል የጎደለ ነገር ሲኖር ግን መስመሩ እንዳለ ይነሳል። የመስመሩ ስሎፕ ደግሞ ምንም አልተነካም፤ ከእሱ ቢሰላ ያው 9.77 ነው። ትክክለኛው መልስ ወረቀቷ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው ስህተቱን በሂዩማን ኤረር ያሳበበችው።

እንግዲህ ቋቱ ውስጥ ያለው አስተያየት ይህ ነው፦

«አንድ ምልልስ ብቻ ከመለካት ይልቅ 20 መቁጠራችሁ የሰዓቱን ስህተት በጣም አሳንሶታል። ግራፋችሁ ግን ዜሮ ላይ አያልፍም፤ ቋሚውን ዘንግ ____ ላይ ይቆርጣል። የሰዓት ስህተት ነጥቦችን ይበትናል እንጂ መስመሩን በሙሉ አያነሳም። ርዝመቱን ከየት እስከ የት ነው የለካችሁት? ኳሱን በካሊፐር ለክታችሁ፣ የስፋቱን ግማሽ በየርዝመቱ ላይ ደምራችሁ መስመሩን እንደገና ሥሩት። ከዚያ ‹ሂዩማን ኤረር› ያላችሁትን ባገኛችሁት ምክንያት ተኩት።»

ባዶው ቦታ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። እዚያ የሚገባው ቁጥር የሚገኘው የተማሪዋን ግራፍ ገልጦ በማየት ብቻ ስለሆነ ሳላነብ ልለጥፈው አልችልም። ገጹ ሳይገለጥ ሊለጠፍ የሚችል አስተያየት፣ «ትንታኔው ይጠናከር» እንደሚለው ያለ፣ ቋቴ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ላይ ባዶ ቦታ ሳልተው ጽፌ አፍሬበታለሁ፤ ግራፍ ጨርሶ ላልሠራ ልጅ «ግራፋችሁ ዜሮ ላይ አያልፍም» የሚል ለጥፌለት ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ መጣ። ተማሪዎች ዶርም ውስጥ ሪፖርታቸውን ጎን ለጎን ያስተያያሉ፣ የተቀዳውን ወዲያው ይለያሉ። ቁጥሩ የየራሳቸው ሲሆን ግን ቀሪው ቃል አንድ መሆኑ ብዙም አይከነክናቸውም።

ደግነቱም የት እንዳለ ልብ በሉ። «ጎበዝ፣ በርቱ» የሚል የለበትም። በትክክል የሠሩትን አንድ ነገር በስሙ ይጠራል፣ ስህተቱን ግራፉ ላይ እንጂ ሰዎቹ ላይ አያደርገውም፣ ቀጥሎ የሚሠሩትን በእጅ የሚያዝ አድርጎ ይሰጣል። አማርኛ ደግሞ የራሱን ጣጣ ያመጣል፤ እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ሲሆን የእኛው ግስ «ለካህ» ወይስ «ለካሽ» ብሎ ያስመርጣል። ተቀድቶ የተሰጠ «ለካህ» ሴት ተማሪ እጅ ሲገባ አስተያየቱ ለእሷ እንዳልተጻፈ ይታወቃል። ላብ የሚሠራው በግሩፕ ስለሆነ «ለካችሁ» በማለት ተገላገልኩ። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍና አማርኛ የማይቀለው ተማሪም ስላለ እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ።

ለአንድ ሪፖርት ከሦስት አስተያየት በላይ አልሰጥም፤ ስምንት ሲሆን የትኛውም አይነበብም። ማርኩንም ከአስተያየቱ ጋር አልመልስም። ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ በእስራኤል ትምህርት ቤቶች አካሂደው በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አስተያየት ብቻ ያገኙ ተማሪዎች በቀጣዩ ሥራቸው ሲሻሻሉ ማርክና አስተያየት አንድ ላይ የተሰጣቸው ግን እንደዚያ አልሆነላቸውም። በእኔ ክፍል ማርኩ የሚመጣው መስመሩ እንደገና ተሠርቶ ሲመለስ ነው።

ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ሳላስበው የመጣ ነው። ፋይሉ ላይ እያንዳንዱ አስተያየት አጠገብ ስንት ጊዜ እንደተሰጠ እመዘግባለሁ። ይህ የኳሱ አስተያየት ከሃምሳ ሰባቱ ለሠላሳ አንዱ ተሰጥቷል። በሚቀጥለው ሴሚስተር አዲስ ልጆች መጡ፣ ቁጥሩ ያው ሆነ። አንድ ክፍል ሙሉ በአንድ ቦታ ሲሳሳት ጥፋቱን ከልጆቹ ውጭ መፈለግ ይሻላል ብዬ እኔው ራሴ ለዓመታት ያደልኩትን የላብ ማንዋል ገለጥኩ። ሦስተኛው ተራ ላይ «የክሩን ርዝመት ለኩ» ይላል። ልጆቹ የታዘዙትን ነው የሠሩት።

ተራውን «ከማንጠልጠያው እስከ ኳሱ መሃል ያለውን ርዝመት ለኩ» ብዬ ቀየርኩት፣ ትንሽ ሥዕልም ጨመርኩበት። በተከታዩ ሴሚስተር አስተያየቱን የሰጠሁት ለአራት ተማሪዎች ነው።